ባክቴሪያ ተገኘ ማለት መድኃኒት ይታዘዝ ማለት ነውን? የውሻና የድመት የካልቸር ውጤት አነባበብ

በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንዲት ውሻ ሁለት ጊዜ ሽንት ተወስዶ ሁለቱንም ጊዜ ባክቴሪያ ተገኘበት። በመጀመሪያው ጊዜ በየፋርማሲው የሚገኘው ተራ አሞክሲሲሊን ለአምስት ቀን ታዘዘላት። በሁለተኛው ጊዜ የተገኘው ባክቴሪያ ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነበር፤ ሆኖም ውሻዋ አንድ ፍሬ ክኒን ሳይታዘዝላት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ባለቤቷ በዚያን ቀን ቅር ተሰኝተው ነው የሄዱት። ቅሬታቸውም ምክንያት ነበረው፤ በቀላሉ በሽታ መድኃኒት የሰጠ ሐኪም በከባዱ እጁን ሲሰበስብ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ውሳኔዎች የተለያዩበትን ምክንያት ከላብራቶሪው ወረቀት ላይ እያነበበ ያስረዳል።

አስቀድሞ ጥቂት ቃላትን እንለይ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ በቫይረስ ላይ አይሠራም፣ ሕመምንም አያስታግስም። ካልቸር ከታመመው አካል በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በላብራቶሪ አሳድጎ ማንነቱን መለየት ነው። ሴንሲቲቪቲ ደግሞ ያደገውን ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚያቆመው የሚፈትሽ ምርመራ ነው። ባክቴሪያው በመድኃኒቱ የማይበገር ሲሆን መድኃኒቱን ተላምዷል ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ «ሰውነቷ መድኃኒቱን ስለለመደው ነው የማይሠራው» ሲባል ይሰማል። የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ የእንስሳው ሰውነት አይደለም። ስለዚህም የተላመደው ባክቴሪያ ከውሻው ወደ ቤተሰቡ፣ ከቤተሰቡም ወደ ውሻው ሊተላለፍ ይችላል።

ሉሲ ምን ሆና መጣች?

ሉሲ የ9 ዓመት፣ 18 ኪሎ የምትመዝን፣ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ውሻ ናት። በመጀመሪያው ጊዜ የመጣችው በየደቂቃው እየተቀመጠች ጥቂት ጠብታ ብቻ ስትሸና፣ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ መሽናት ስትጀምርና ሽንቷ ላይ ደም ሲታይ ነው። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ትኩሳትም የላትም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚያመለክቱት የሽንት ፊኛን እንጂ ኩላሊትን አይደለም፤ ኩላሊት ሲታመም ብዙውን ጊዜ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ምግብ መተውና የጀርባ ሕመም አብረው ይመጣሉ።

በዚህ ደረጃ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህች ውሻ ባክቴሪያ ያመጣባት ሕመም አለባትን? ካልቸር የሚላከው ለዚህ ጥያቄ «ሳይኖርባት አይቀርም» የሚል መልስ ሲገኝ ነው። ሉሲ ምልክቱ ነበራት፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ሽንቷ ውስጥ ብዙ ነጭ የደም ሴሎችና ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች ነበሩ። ለሰው የተሠራችው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ግን በዚህ ጉዳይ ምስክርነቷ ደካማ ነው። የነጭ ደም ሴልን የምታመለክተው ክፍሏ በድመት ላይ ሳይኖር «አለ»፣ በውሻ ላይ ደግሞ እያለ «የለም» የማለት ልማድ ስላላት ሽንቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ይሆናል።

ሽንቱ በምን መንገድ እንደተወሰደ ለምን ይጠየቃል?

በውጤቱ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ መነበብ ያለበት የመድኃኒቱ ዝርዝር ሳይሆን የናሙናው ዓይነት ነው። ውሻው ሲሸና በዕቃ የተቀዳ ሽንት በመውጫው ላይ ቆዳንና ፀጉርን ነክቶ ስለሚመጣ ጤነኛ ውሻም ቢሆን ባክቴሪያ ይገኝበታል። ከወለል ላይ በመርፌ የተመጠጠማ የሚመሰክረው ስለ ወለሉ ነው። አስተማማኙ መንገድ በአልትራሳውንድ እያዩ በቀጭን መርፌ በሆድ በኩል በቀጥታ ከፊኛው መቅዳት ነው። ለባለቤቱ የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ውሻ ከክትባት መርፌ የበለጠ አይሰማውም።

ይህ ልዩነት ቁጥሩን የምናነብበትን መንገድ ይለውጠዋል። በመርፌ ከፊኛ በተቀዳ ሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 ባክቴሪያ መገኘቱ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ሲሸና በተቀዳ የውሻ ሽንት ግን 100,000 እስኪደርስ ድረስ ከውጭ የገባ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጠራል። ሰዓቱም ቁም ነገር ነው። የተመቸው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ ከፍሪጅ ውጭ በሞቃት መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት የዋለ ናሙና እንዲህ ዘጠኝ ጊዜ እጥፍ የመሆን ዕድል አለው፤ ያም ማለት አንዱ ከ500 በላይ ይሆናል። ስለዚህ ናሙናው ወዲያው ካልተላከ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ላብራቶሪ መድረስ አለበት። የሉሲ ሽንት በመርፌ ተቀድቶ በበረዶ ሣጥን ነበር የተላከው።

ላብራቶሪው ሁለት ሦስት ቀን ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ቀን የሚያልፈው ባክቴሪያውን በማሳደግ ነው። ሽንቱ በጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ባለ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ዝልግልግ ላይ ተቀብቶ በሙቀት ያድራል። በማግሥቱ ያደገው ባክቴሪያ ማንነቱ ይለያል፤ ከዚያም በመድኃኒት ይፈተናል። ፈተናው በሁለት መንገድ ይሠራል።

አንደኛው በአገራችን በብዛት የሚሠራበት የዲስክ ዘዴ ነው። ባክቴሪያው በሳህኑ ላይ ሁሉ ከተቀባ በኋላ መድኃኒት የነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ላይ ይቀመጣሉ። ባህር ዛፍ ሥር ሣር አላበቅል ብሎ ዙሪያው ባዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ መድኃኒቱ በሚሠራበት ወረቀት ዙሪያም ባክቴሪያ የማይበቅልበት ክብ ይታያል። የክቡ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል።

ሁለተኛው ዘዴ መጠን ለኪ ነው። የቡናን ሥርዓት ያስቧል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ አንዱ ከሌላው እየቀጠነ ይሄዳል። ላብራቶሪውም መድኃኒቱን በተከታታይ በግማሽ በግማሽ እያቀጠነ፣ ከ16 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 2 እያለ፣ በእያንዳንዱ ላይ ባክቴሪያውን ይጨምርበታል። ከቀጠኑት ሁሉ መጨረሻ ላይ ባክቴሪያውን ማቆም የቻለው መጠን በወረቀቱ ላይ MIC ተብሎ ይጻፋል፤ ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያስፈልገው ትንሹ የመድኃኒት መጠን ማለት ነው። የሚለካውም በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ባለ ማይክሮግራም ነው።

S፣ I እና R ምን ይላሉ? ትንሹ ቁጥርስ የተሻለ ነውን?

የሉሲ ወረቀት ኢ. ኮላይ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በላይ እንደተገኘ ከገለጸ በኋላ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ያስከትላል። አምፒሲሊን 4፣ S። ሲፕሮፍሎክሳሲን 0.25 ወይም ከዚያ በታች፣ S። ጀንታማይሲንና ኮትሪሞክሳዞልም S ናቸው፤ ቴትራሳይክሊን ግን R ነበር።

S ማለት በተለመደው መጠን ቢሰጥ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሊያቆም የሚችልበት መጠን ላይ ይደርሳል ማለት ነው። R ማለት አይደርስም ማለት ነው። I በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን፣ መጠኑ ከፍ ካለ ወይም መድኃኒቱ በብዛት በሚጠራቀምበት አካል ላይ ከሆነ ሊሠራ እንደሚችል ያመለክታል።

ባለቤቷ ወረቀቱን ሲያዩ፣ «ዶክተር፣ 0.25ቱ ከ4ቱ አይሻልም? በጥቂቱ የሚገድለው እሱ አይደል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ብልህ ነው፤ ወጣት ሐኪሞችም በዚሁ ይሳሳታሉ። መልሱ ግን አይሻልም የሚል ነው። የሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን MIC ማነጻጸር የጤፍን ዋጋ ከበርበሬ ዋጋ ጋር አስተያይቶ ርካሹን እንደ መምረጥ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚደርስበት የራሱ መጠን አለው። ስለዚህ የየመድኃኒቱ ቁጥር የሚነጻጸረው ከራሱ የመለያ ወሰን ጋር ብቻ ነው። ይህ ወሰን የሚወጣው መድኃኒቱ በዚያ እንስሳ፣ በዚያ አካል ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርስ በማጥናት ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚገኘው የክሊኒካልና የላብራቶሪ ስታንዳርዶች ተቋም ለእንስሳት ለብቻው ያወጣዋል።

«በዚያ አካል» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። አሞክሲሲሊን ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል ነው። በመሆኑም በደም ውስጥ ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ሆኖ ሳለ በሽንት ውስጥ በመቶዎች ይደርሳል። ለውሻ የተቀመጠው ወሰን ይህንኑ ይከተላል፤ ለፊኛ ኢንፌክሽን እስከ 8 ያለው S ሲባል፣ ለቆዳና ለሥጋ ኢንፌክሽን ግን ከ0.25 መብለጥ የለበትም። የሉሲ ባክቴሪያ 4 ነበር። በፊኛዋ ውስጥ ስላለ አሞክሲሲሊን በሚገባ ያጠፋዋል፤ ይኸው ባክቴሪያ፣ ይኸው ቁጥር ይዞ፣ ከቁስሏ ላይ ቢገኝ ኖሮ አሞክሲሲሊን ምንም አይፈይድላትም ነበር። S የሚለው ፊደል ኢንፌክሽኑ የት እንዳለ ካልታወቀ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

በዝርዝሩ ላይ አሞክሲሲሊን የሚል አለመኖሩም ሊያሳስብ አይገባም። ላብራቶሪዎች አንዱን መድኃኒት ለወገኖቹ ተወካይ አድርገው ይፈትናሉ፤ አምፒሲሊን የሚናገረው ስለ አሞክሲሲሊንም ነው።

ለሰው የሚሠራ ላብራቶሪ ለውሻ ያወጣው ውጤት ይታመናልን?

የሉሲ ናሙና የተመረመረው ለሰው በሚሠራ የግል ላብራቶሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ለብዙ ክሊኒኮች ያለው አማራጭ ይኸው ነው። ባክቴሪያውን በመለየት በኩል ችግር የለበትም፤ ባክቴሪያ ከሰው ቢመጣ ከውሻ ያው ነው። ችግሩ S እና R የተጻፉት ለሰው በወጣ ወሰን መሆኑ ነው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በሰው አንጀት በሚገባ ይሰረጻል። ውሻ ሲውጠው ግን የሚሰረጸው መጠን አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ከውሻ ውሻ እጅግ ይለያያል። ስለዚህ በሰው ወሰን የተጻፈው S ለሉሲ ዋስትና አይሆንም። ለእንስሳት ተብሎ የተሠራው ኢንሮፍሎክሳሲን የዚሁ ወገን ነው፤ ነገር ግን በሰው ላብራቶሪ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሐኪሙ ማድረግ ያለበት ፊደሉን ትቶ የMIC ቁጥሩን መጠየቅና ከእንስሳት ወሰን ጋር ራሱ ማስተያየት ነው። ቁጥር የሌለው፣ ፊደል ብቻ የሰፈረበት ወረቀት ከመጣ ላብራቶሪውን ደውሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በማሽን ከሠሩት ቁጥሩ እጃቸው ላይ አለ።

ወረቀቱ S እያለ መድኃኒቱ የማይሠራበት ጊዜ አለን?

አለ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ለአንዳንድ መድኃኒቶች በተፈጥሯቸው የማይበገሩ ናቸው። ኢንቴሮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሴፋሌክሲንን ጨምሮ የሴፋሎስፖሪን ወገኖች በሙሉ አይነኩትም። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ በሳህኑ ላይ የሚያቆመው ሊመስል ይችላል፤ በሕያው ሰውነት ውስጥ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱ የነሳውን፣ ለማደግ የሚያስፈልገውን ፎሌት የተባለ ንጥረ ነገር ከአካባቢው ስለሚያገኝ አይጎዳም። ላብራቶሪው S ብሎ ቢጽፍ እንኳ አይታመንም። ጥንቁቅ ላብራቶሪ እነዚህን ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል።

ሌላው በውሻ ቆዳና ጆሮ ላይ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ኦክሳሲሊን የሚል ካለ ዓይን መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ። ማንም ለውሻ ኦክሳሲሊን አያዝም፤ የሚፈተነው እንደ ጠቋሚ ነው። እሱ R ከሆነ ፔኒሲሊኖች፣ አሞክሲሲሊን ከክላቭላኔት ጋር የተቀላቀለው፣ ሴፋሌክሲንና መሰሎቹ ሁሉ፣ በጎናቸው S ቢጻፍም እንኳ፣ እንደ R ይቆጠራሉ።

ወረቀቱ በተቃራኒው R ብሎ መድኃኒቱ የሚሠራበትም አጋጣሚ አለ። የጆሮ ጠብታ በቦታው ላይ የሚደርስበት መጠን ክኒን በደም በኩል ሊያደርሰው ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። የS እና የR ወሰን የተሰላው ግን በሚዋጥ ወይም በሚወጋ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ በጆሮ ጠብታ ለመታከም ወረቀቱ ጥሩ መሪ አይሆንም።

ሉሲ ለምን አምስት ቀን ብቻ ወሰደች?

ለሉሲ የታዘዘው 250 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን ነው። ይህ በኪሎ 14 ሚሊ ግራም ገደማ ይመጣል፤ የታወቀው መጠን በኪሎ ከ11 እስከ 15 ነው። ብዙ ሐኪሞች፣ እኔንም ጨምሮ፣ የተማርነው ለፊኛ ኢንፌክሽን ሁለት ሳምንት መስጠትን ነበር። የተጓዳኝ እንስሳት ተላላፊ በሽታዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 ያወጣው መመሪያ ግን አልፎ አልፎ ለሚከሰት የፊኛ ኢንፌክሽን ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ኩላሊት ከተነካ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚበቃ ይገልጻል።

ማሳጠሩ ለቁጠባ ተብሎ አይደለም። የሚዋጠው አሞክሲሲሊን ወደ ፊኛ ከመድረሱ በፊት በአንጀት ያልፋል። በአንጀት ውስጥ ደግሞ ከፊኛው እጅግ የሚበዛ ባክቴሪያ ይኖራል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን መድኃኒቱ የማይበግራቸውን የአንጀት ባክቴሪያዎች ለይቶ ያስቀራል፤ ቀጣዩ የፊኛ ኢንፌክሽንም የሚመጣው ከዚያው ከአንጀት ነው። የሉሲ ምልክት በሁለት ቀን ጠፋ። ምልክቱ ከጠፋ በኋላ «ለማረጋገጥ» ተብሎ ድጋሚ ካልቸር አልተላከም፤ አያስፈልግምም።

ሁለተኛው ጊዜ ለምን ምንም አልታዘዘም?

ከሰባት ወር በኋላ ሉሲ ለጥርስ እጥበት ተቀጠረች። ማደንዘዣ ስለሚሰጣት ደሟና ሽንቷ አስቀድሞ ተመረመረ። ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ በመታየቱ አንድ ባልደረባዬ ካልቸር ላከ። በእኔ እምነት ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ከወረቀቱ በፊት።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ኢ. ኮላይ፣ ከ100,000 በላይ። አምፒሲሊን R፣ አሞክሲሲሊን ከክላቭላኔት ጋር R፣ ሴፍትሪያክሶን R፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን R፣ ኮትሪሞክሳዞል R። በግርጌው ባክቴሪያው ፔኒሲሊንንና ሴፋሎስፖሪንን የሚሰባብር ኢንዛይም እንደሚያመነጭ የሚገልጽ ማስታወሻ ነበረው። S የተጻፈባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አሚካሲን፣ ሜሮፔነምና ናይትሮፉራንቶይን።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ዓይን በራሱ ወደ S ይሮጣል። ወረቀቱ የሚመልሰው ግን «መድኃኒት ከተሰጠ የትኛው ይሠራል?» የሚለውን ብቻ ነው። «ይሰጥን?» የሚለውን የምትመልሰው ውሻዋ ናት። ሉሲ በደንብ ትሸናለች፤ አታምጥም፣ ደም የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ምግቧን ትበላለች። ባክቴሪያው በፊኛዋ ውስጥ ይኖራል እንጂ አላሳመማትም። በሕክምናው ቋንቋ ይህ ምልክት አልባ ባክቴሪያ በሽንት ይባላል። ያው የ2019 መመሪያ በዚህ ሁኔታ እንዳይታከም ይመክራል፤ በሽንቱ ውስጥ ነጭ የደም ሴል ቢኖርም፣ ባክቴሪያው ብዙ መድኃኒት የተላመደ ቢሆንም። የስኳር ሕመም ያለበት ውሻም ቢሆን ምልክት ከሌለው በዚሁ ይዳኛል።

«ጀርም እያለባት ዝም ልንላት ነው?» አሉ ባለቤቷ። ዝም ያልንበት ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱ ቢሰጥ የሚያስወግድላት ሕመም የለም፤ ስላልታመመች ዳነች የምንልበት መለኪያም አይኖረንም። ፊኛው ቢጸዳ እንኳ ብዙ ጊዜ ከአንጀት መልሶ ይያዛል። ጉዳቱ ግን እርግጠኛ ነው። አሚካሲን በመርፌ የሚሰጥና ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። ሜሮፔነም በሆስፒታል ሌላ መድኃኒት ለማይሠራላቸው ሰዎች የተጠበቀ ነው። ናይትሮፉራንቶይን ቀለል ያለ ቢሆንም፣ ሉሲ አንድ ቀን በእውነት ብትታመም የሚቀራት በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት እሱ ብቻ ስለሆነ ዛሬ በከንቱ ማባከኑ አያዋጣም።

ይህ ደንብ የማይሠራባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። የሽንት ቧንቧን ወይም ፊኛን የሚነካ ቀዶ ሕክምና ከተቀጠረ አስቀድሞ ማከም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ዩሪያን እየሰበረ የፊኛ ጠጠር የሚፈጥር ዓይነት ከሆነም ሊታሰብበት ይገባል። የጀርባ አጥንቱ የተጎዳና ሕመም ሊሰማው የማይችል ውሻ ደግሞ ምልክት አለማሳየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የጥርስ እጥበት ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

ካልቸር ሳይላክም አንቲባዮቲክ የማይታዘዝበት ሌላ ሁኔታ የትኛው ነው?

በክሊኒክ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙትን ሁለቱን ብቻ እናንሳ። የመጀመሪያው የሚያምጥና ደም የሚሸና ወጣት ድመት ነው። ምልክቱ ከሉሲ ጋር አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ይለያል። ከ10 ዓመት በታች በሆኑ ድመቶች በዚህ ምልክት ከሚመጡት መካከል ባክቴሪያ የሚገኝባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ፣ ባክቴሪያ የሌለበት የፊኛ ቁጣ አላቸው። ይህ ሕመም በሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ የተሰጠው ድመት በአምስተኛው ቀን ሲሻለው ምስጋናው በከንቱ ለመድኃኒቱ ይሄዳል፤ ባለቤቱም በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ፋርማሲ ሄዶ ይገዛል። የሚያስፈልገው የሕመም ማስታገሻ፣ ብዙ ውኃና እርጥብ ምግብ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ወንድ ድመት እያማጠ አንድም ጠብታ ካልወጣው ግን ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ መወሰድ አለበት፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል።

ሁለተኛው ድንገተኛ ተቅማጥ ነው። ለአዋቂ፣ ለተከተበ፣ ለሚበላና ለሚነቃቃ ውሻ ተቅማጡ ደም ቢኖረውም እንኳ ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ፤ መድኃኒቱ ቢያሳጥረው በአንድ ሁለት ቀን ነው፣ የአንጀቱን ባክቴሪያ ግን ለሳምንታት ያዛባል። ያልተከተበ ቡችላ ሲያስመልስና ሲደክም ነገሩ ሌላ ነው፤ ፓርቮ የተባለው ቫይረስ የአንጀቱን ግድግዳና ነጭ የደም ሴሉን ስለሚያጠፋ በአንጀት ያለው ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፣ በዚያ ላይ አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል።

አንቲባዮቲክ ያልታዘዘለት እንስሳ ባዶ እጁን አይሸኝም። የፊኛ ሕመም ላለበት ውሻ ኩላሊቱ ጤነኛ ከሆነ ለእንስሳት የተፈቀደ ማስታገሻ ለሦስት አራት ቀን ተሰጥቶ ሁኔታው ሊታይ ይችላል፤ ጥቂቶቹ በዚሁ ይሻላቸዋል። ቤት ውስጥ ያለው የሰው ማስታገሻ ግን አይሞከር። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያቆስላሉ፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ባለቤቱም ምን ካየ ተመልሶ እንደሚመጣ በግልጽ ይነገረዋል።

ለሉሲ ባለቤት የተነገራቸው አራት ነገር ነው፤ ካማጠች፣ ደም ካዩ፣ ምግብ ከተወች ወይም ውኃ አጠጣጧ ከተለወጠ ይደውሉ። ጥርሷ በቀጠሮው ቀን ታጠበ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለክትባት መጥታለች፤ ደህና ናት። በካርዷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ «የሽንት ምልክት ከሌላት ካልቸር አይላክ።»